ጥቁሩ ቡችላ የላብራዶር ዘር አይደለም

ጸጉሯ ረጅምና ወርቃማ የሆነ ጎልደን ሪትሪቨር፣ ጀርባው ጥቁር እግሩ ቡናማ ከሆነ አጭር ጸጉር ካለው ጀርመን ሸፐርድ ብታረግዝ ምን ዓይነት ቡችሎች ትወልዳለች? ብዙ ሰው ወይ ወርቃማ፣ ወይ የሸፐርድ መልክ ያላቸው፣ ወይም ሁለቱን ቀለም ቀላቅለው የያዙ ይጠብቃል። የሚወለዱት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጅራት እስከ አፍንጫ ጥቁር የሆኑ ቡችሎች ናቸው። ጸጉራቸው ያጥራል፤ ሲያድጉም የብዙዎቹ ጆሮ እንደ አባታቸው ቀጥ ብሎ ሳይቆም ይታጠፋል። ከእነዚህ አንዱ አድጎ ባለቤቱ ሳይታወቅ ወደ ውሻ መጠለያ ቢገባና ፎቶው ቢለጠፍ፣ ከሥሩ የሚጻፈው «የላብራዶር ድቅል» የሚል ነው። በዚያ ውሻ ውስጥ ግን አንዲት ጠብታ የላብራዶር ደም የለም።

ይህ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም፤ ምክንያቱ በደንብ ይታወቃል። የውሻን ጸጉር ጥቁር ወይም ቢጫ የሚያደርጉ ሁለት ጂኖች አሉ፤ በተለያዩ ክሮሞዞሞች ላይም ይገኛሉ። የመጀመሪያው እንደ በር ነው፤ ክፍት ከሆነ ጥቁር ቀለም ወደ ጸጉሩ ይገባል፣ ከተዘጋ ጸጉሩ ቢጫ ወይም ወርቃማ ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው በሩ ክፍት ሲሆን ጥቁሩ መላ ሰውነትን ይሸፍን ወይስ በየቦታው ይከፋፈል የሚለውን ይወስናል። ጎልደን ሪትሪቨር ሁለተኛውን ጂን «ሁሉንም ጥቁር አድርግ» በሚል መልኩ ይዛለች፤ ነገር ግን የመጀመሪያው በር በእሷ ዘንድ ስለተዘጋ ትእዛዙ ከጸጉሯ አይደርስም፣ ወርቃማ ሆና ትታያለች። ሸፐርዱ በተቃራኒው በሩ ክፍት ነው፤ «ሁሉንም ጥቁር አድርግ» የሚለው ትእዛዝ ግን የለውም። ቡችላው ከአባቱ ክፍት በር፣ ከእናቱ የጥቁሩን ትእዛዝ ይወርሳል። ሁለቱም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢመጡ እንኳ ኃይላቸው ይወጣል። ስለዚህ ከሁለት ጥቁር ካልሆኑ ወላጆች ጥቁር ልጅ ይወለዳል።

የጸጉሩም ርዝመት እንዲሁ ነው። ረጅም ጸጉር የሚታየው ቡችላው የረጅሙን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆች ሲወርስ ብቻ ነው። ከእናቱ ረጅሙን፣ ከአባቱ አጭሩን የወረሰ ቡችላ አጭር ጸጉር ኖሮት የእናቱን ቅጂ በውስጡ ደብቆ ይኖራል።

አሁን አንድ ትውልድ ወደፊት እንሂድ። ከእንዲህ ዓይነት ጥቁር ድቅሎች ሁለቱ ተገናኝተው ቢወልዱ፣ የተደበቀው ሁሉ እንደገና ይበወዛል። በስሌት ከየ16ቱ ቡችሎች በአማካይ 9ኙ ጥቁር፣ 4ቱ ወርቃማ ወይም ቢጫ፣ 3ቱ ደግሞ የሸፐርድ ቀለም ያላቸው ይሆናሉ። ከ4ቱ ወርቃማዎች አንዱ ደግሞ ረጅም ጸጉርም ይወርሳል። ይህን ረጅም ጸጉር ያለው ወርቃማ ቡችላ በፎቶ የሚያይ ሰው ጎልደን ሪትሪቨር ነው ለማለት አያመነታም። ሸፐርድ የሚመስለውን ወንድሙን ያየም ጀርመን ሸፐርድ ይለዋል። የሁለቱም የዘር ድርሻ ግን በአማካይ እኩል ነው፤ ግማሽ ጎልደን፣ ግማሽ ሸፐርድ። በአንድ ሆድ አድረው፣ በአንድ ቀን ተወልደው፣ በመጠለያው መዝገብ ላይ የሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ስም ይሰጣቸዋል።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። ውሻ ወደ 20,000 የሚጠጉ ጂኖች አሉት፤ ዓይናችን የሚይዘው መልክ ግን በጣም ጥቂት በሆኑት የሚወሰን ነው። በ2009 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በንጹሕ ዝርያ ውሾች ላይ የሚታየው የጸጉር ልዩነት፣ አጭሩም፣ ረጅሙም፣ የተጠቀለለውም፣ ጢምና ቅንድብ ያወጣውም፣ አብዛኛው በሦስት ጂኖች ብቻ እንደሚገለጽ አሳይቷል። የዳክስሁንድና የኮርጊ እግር ማጠር የመጣው ከአንድ ጂን ተጨማሪ ቅጂ ነው፤ እሱም ከአንድ ወላጅ ብቻ ቢወረስ ይሠራል። ስለዚህ ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ብቻ ዳክስሁንድ የሆነ ውሻ፣ ከዳክስሁንድ የወረሰው በአማካይ ከስምንት አንድ እጅ ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አጭር እግር ወርሶ ሊወለድ ይችላል። የሚያየው ሰው ሁሉ ዳክስሁንድ ይለዋል። ግማሽ ዘሩን የሰጠው ሌላው ዝርያ ደግሞ በመልኩ ላይ ምንም ምልክት ሳይተው ሊቀር ይችላል።

ታዲያ ዓይናችን ይህን ያህል ለምን ይተማመናል? ንጹሕ ዝርያ ባላቸው ውሾች ላይ ስለሚሠራ ነው። አርቢዎች መልኩን የሚወስኑትን ጂኖች ለብዙ ትውልድ መርጠው አንድ ዓይነት አድርገዋቸዋል፤ ጎልደን ከጎልደን ሲወልድ የሚደበቅ ነገር የለም፣ መልክና ዘር አብረው ይሄዳሉ። ዝርያዎቹ በተቀላቀሉ ማግሥት ግን ያ ትስስር ይበጠሳል። ይህን ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በሜን ግዛት በጃክሰን ላቦራቶሪ ዓመታት በፈጀ ሥራ አይተውታል። የአፍሪካውን ባሴንጂ ከኮከር ስፓኒኤል ጋር አዳቅለው፣ ውጤቱን በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ አስፍረዋል። ከድቅሎቹ ብዙዎቹ ባሴንጂም ኮከርም አይመስሉም ነበር። ወላጆቻቸውን የማያውቅ ሰው በመጽሐፉ ያሉትን ፎቶዎች አይቶ እነዚህን ሁለት ስሞች መጥራቱ ያጠራጥራል።

የዘመናችን መረጃ ደግሞ ከራሳቸው ከመጠለያዎቹ የመጣ ነው። በ2018 የታተመ ጥናት በፊኒክስና በሳን ዲዬጎ ከተሞች በሚገኙ ሁለት የአሜሪካ መጠለያዎች ከ900 በላይ ውሾችን በዲኤንኤ መርምሮ፣ ሠራተኞቹ ከሰጧቸው ስም ጋር አስተያየ። ንጹሕ ዝርያ ሆነው የተገኙት ከ100 አምስት አይሞሉም። ሠራተኞቹ በውሻው ውስጥ ካሉት ዝርያዎች ቢያንስ አንዱን በትክክል የጠሩት በ67 ከመቶው ነው። ከአንድ በላይ የጠሩት ግን በ10 ከመቶው ብቻ ነው። ዓይን ፈጽሞ አይረባም ማለት ስህተት ይሆናል፤ አንድ ዝርያ በብዛት ካለ ብዙ ጊዜ ፍንጭ ይሰጣል። የትኛው ግምት ትክክል፣ የትኛው ስህተት እንደሆነ ግን ከፎቶው ራሱ ማወቅ አይቻልም። ስህተቱም እንደ ትክክሉ እርግጠኛ መስሎ ይቀርባል።

በ2015 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ስህተቱ ይበልጥ የሚጎዳበትን ቦታ ነክቷል። በፍሎሪዳ በአራት መጠለያዎች 16 ሠራተኞች፣ ከእነሱም ውስጥ አራት የእንስሳት ሐኪሞች፣ 120 ውሾችን አይተው የትኞቹ የፒት ቡል ወገን እንደሆኑ እንዲናገሩ ተደረገ። በዲኤንኤ የዚያ ዘር የተገኘባቸው 25 ውሾች ነበሩ። እነዚህን በትክክል የመለየት ችሎታ እንደ ተመልካቹ ከ33 እስከ 75 ከመቶ ተለያየ፤ ከ25ቱ አምስቱን ማንም አላወቃቸውም። ከዘሩ ምንም የሌለባቸውን ውሾች ፒት ቡል ብሎ መሰየምም እንደ ተመልካቹ ከዜሮ እስከ 48 ከመቶ ደረሰ። እነዚህ ውሻውን ቆመው ያዩ፣ በየቀኑ ከውሻ ጋር የሚውሉ ባለሙያዎች ናቸው። ፎቶ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው፤ የቁመቱ ልክ ይጠፋል፣ ካሜራው ከተጠጋ ጭንቅላቱ ይገዝፋል፣ የጥላና የብርሃን ለውጥ ቡናማውን ጥቁር ያደርገዋል። የቡችላ ፎቶ ከሆነማ ጆሮው ገና አልቆመም፣ ቀለሙም አልረጋም።

እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። በአሜሪካ አፓርታማ የሚያከራዩ ብዙ ሰዎች የተወሰኑ ዝርያዎችን አይቀበሉም። በእንግሊዝ የ1991 ሕግ አንድን ውሻ የተከለከለ «ዓይነት» የሚያደርገው በመልኩና በልኬቱ እንጂ በዘሩ አይደለም። ስለዚህ ሰፋ ያለ ጭንቅላትና አጭር ጸጉር የሚሰጡ ጥቂት ጂኖችን የወረሰ ውሻ፣ የቀረው ሰውነቱ ከሌላ ዘር ቢሆንም፣ ቤት ሊከለከል ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። በአንድ ሠራተኛ የዓይን ግምት ላይ ይህን ያህል ውሳኔ መጫን ኢፍትሐዊ ነው።

ለእኛ አንባቢዎች ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ የምናየውን ቡናማ፣ ጆሮው ከፊል የቆመ ውሻ ብዙ ሰው «ከሸፐርድ የተደቀለ ነው» ይለዋል። በዓለም ላይ ካሉ ውሾች አብዛኞቹ ግን የዝርያዎች ቅልቅል አይደሉም፤ ማንም አርቢ ሳይመርጣቸው ለሺህ ዓመታት በመንደር ሲዋለዱ የኖሩ ናቸው። ዛሬ የምናውቃቸው አብዛኞቹ የፈረንጅ ዝርያዎች በአሁኑ መልካቸው የተበጁት ባለፉት ሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ነው። የቡናማው ቀለምና የቆመው ጆሮ ከዚያ ቀድሞም ነበር። ለሸፐርዱ ያቀበለው ያ የጥንት ውሻ እንጂ፣ ከሸፐርድ የተቀበለ አይደለም። በግቢ የሚጠበቁ የፈረንጅ ውሾች ወጥተው የተደቀሉባቸው ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያንንም ቢሆን መልክ አይነግረንም። የዲኤንኤ ምርመራ ራሱ እንኳ የሚያወዳድረው በመዝገቡ ካሉት ዝርያዎች ጋር ስለሆነ፣ የመንደር ውሾች ናሙና በሌለው መዝገብ ሲመረመር የሌለ ዘር ሊያወጣ ይችላል፤ በውጤቱ ላይ የሚታዩ የጥቂት ከመቶ ድርሻዎችም ብዙ አይታመኑም።

ስለዚህ ውሻ ለመውሰድ ፎቶ የምታዩ ሁሉ፣ ከሥሩ የተጻፈውን የዝርያ ስም እንደ ግምት ቁጠሩት። ይልቅ ለሠራተኛው ጠይቁት፤ ውሻው ስንት ኪሎ ነው፣ ዕድሜው ስንት ይገመታል፣ ልጆች ሲጠጉት ምን ያደርጋል፣ ከሌላ ውሻ ጋር ይስማማል፣ ብቻውን ሲቀር ይጮኻል? በ2022 ሳይንስ ላይ የወጣ ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፣ ዝርያ በየውሻው መካከል ያለውን የጠባይ ልዩነት የሚገልጸው 9 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ዘሩን የግድ ማወቅ ካስፈለጋችሁም የምራቅ ናሙና ላኩ፤ ከፎቶው አትጠብቁ።