ሩቶቹን የሚያጠፋው ምትክ

ይህን ክፍልፋይ እንመልከት፦

(√x − 8) / (∛x − 4)

x ወደ 64 ሲጠጋ ክፍልፋዩ ወደየትኛው ቁጥር ይጠጋል? የ64 ስኩዌር ሩት 8፣ ኪዩብ ሩቱ ደግሞ 4 ስለሆነ፣ 64ን በቀጥታ ብናስገባ ላዩም ታቹም ዜሮ ይሆናል። ይህ ማለት ግን ሊሚቱ የለም ማለት አይደለም። ሁለቱም አብረው ወደ ዜሮ እየወረዱ ነውና የትኛው በምን ያህል ይፈጥናል የሚለው ገና አልታወቀም።

ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ወደ ኮንጁጌት ይሮጣል። ያስኬዳል፤ ነገር ግን ለስኩዌር ሩቱ አንድ፣ ለኪዩብ ሩቱ ሌላ ማባዣ ስለሚፈልግ ወረቀት ይፈጃል። ሩቶቹን በአርቢ መልክ ብንጽፋቸው መንገዱ ያጥራል። √x ማለት x^(1/2)፣ ∛x ማለት x^(1/3) ነው። የ2 እና የ3 ትንሹ የጋራ ብዜት 6 ስለሆነ x = t⁶ እንበል። ያን ጊዜ √x ወደ t³፣ ∛x ወደ t² ይለወጣል፤ ሩት የሚባል ነገር አይቀርም። x = t² ብንል ኖሮ ስኩዌር ሩቱ ይጠፋል፣ ኪዩብ ሩቱ ግን t^(2/3) ሆኖ ይቀመጣል።

2⁶ = 64 ስለሆነ x ወደ 64 ሲጠጋ t የሚጠጋው ወደ 2 ነው። አሁን በእጃችን ያለው ተራ የፖሊኖሚያል ክፍልፋይ ነው፦

(t³ − 8) / (t² − 4) = (t − 2)(t² + 2t + 4) / ((t − 2)(t + 2))

t ወደ 2 ይጠጋል እንጂ 2 አይሆንምና t − 2ን ከላይም ከታችም መሰረዝ ይቻላል። ከዚያ 2ን ስናስገባ 12/4፣ ማለትም 3 እናገኛለን። የሚጠራጠር ሰው ካልኩሌተር ያንሳና x = 65 ብሎ ይሞክር፤ 3.004 ገደማ ያገኛል።

በብዛት የሚታየው ስህተት x ወደ t ከተቀየረ በኋላም 64ን እንዳለ መተው ነው። ይህን መለየት ቀላል ነው፤ መጀመሪያ ዜሮ በዜሮ የነበረው ጥያቄ ከምትኩ በኋላም ዜሮ በዜሮ መስጠት አለበት። 64ን በt ቦታ ስናስገባ ዜሮ ካልመጣ፣ የሚጠጋበትን ቁጥር ረስተነዋል ማለት ነው። ሌላው ጥንቃቄ የt ምልክት ነው። (−2)⁶ም 64 ነው፤ ስኩዌር ሩት ግን ኔጌቲቭ ስለማይሆን √x = t³ የሚለው የሚሠራው t ፖዘቲቭ ሲሆን ብቻ ነው።

ዘዴው የሚያዋጣው በሩቶቹ ውስጥ ያለው ነገር አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። ሁለቱም ዘንድ x + 1 ካለ t⁶ = x + 1 ማለት ይበቃል። በአንደኛው x + 3፣ በሌላኛው x + 7 ካለ ግን አንድ t ሁለቱንም ሩት አያጠፋም፤ እንዲህ ባለው ጥያቄ ላይ ምትክ ስትፈልጉ ጊዜ አታጥፉ፣ ወደ ኮንጁጌት ተመለሱ።