ከጀርመን የመጣ ፋክቱር እንዴት ይነበባል

በአምስተርዳም ቡና ቤት የከፈተ አንድ ኢትዮጵያዊ ከጀርመን ፋብሪካ በ2000 ዩሮ የቡና መፍጫ መኪና ቢያዝ፣ በኢሜይል የሚደርሰው ፋክቱር ባንድ ገጽ የሚያልቅ ቀላል ሰነድ መስሎ ቢታየውም፣ በዚያ ገጽ አንዲት ቁጥር ብትጎድል 380 ዩሮ ያለ አግባብ ሊጠየቅ ስለሚችል፣ ገንዘቡን ከመላኩ በፊት ሰነዱን በጥሞና ሊመረምረው ይገባል።

የሻጭና የገዢ ሙሉ ስምና አድራሻ፣ የፋክቱሩ ተራ ቁጥር፣ የተጻፈበትና ዕቃው የተላከበት ቀን፣ የዕቃው ዓይነትና ብዛት ለማንም ግልጽ ናቸው። ምሥጢሩ ያለው በግብር መለያው ላይ ነው። Steuernummer ተብሎ የሚጻፈው፣ በጭረት እየተከፋፈለ የሚታየው ቁጥር፣ ሻጩ በአጥቢያው ግብር ቤት የሚታወቅበት ሲሆን፣ USt-IdNr. የተባለው ግን በDE ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ የሚያስከትል፣ ከአገር ወደ አገር ለሚደረግ ንግድ የተሰጠ መለያ ነው። ለጀርመን ገዢ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል፤ ድንበር ለሚሻገር ሽያጭ ግን የሁለተኛው ዓይነት መለያ፣ የሻጩም የገዢውም፣ በሰነዱ ላይ መገኘት አለበት።

እኔ እንዲህ ያለ ፋክቱር በእጄ ሲገባ ዓይኔን አስቀድሜ የምጥለው በድምሩ ላይ ሳይሆን በገዢው ቁጥር ላይ ነው። ቁጥሩ ካለ፣ ከታች steuerfreie innergemeinschaftliche Lieferung የሚል ቃል ይጻፋል፤ ትርጓሜውም «በኅብረቱ አገሮች መካከል የተደረገ ከግብር ነፃ ርክክብ» ማለት ሲሆን፣ ድምሩ 2000 ዩሮ ሆኖ ይቀራል። ገዢውም የኔዘርላንድን 21 በመቶ፣ ይኸውም 420 ዩሮ፣ በራሱ የግብር ማስታወቂያ ላይ እንደ ዕዳ ጽፎ፣ ዕቃው ግብር ለሚከፈልበት ሥራው የዋለ እንደ ሆነ ያንኑ 420 በዚያው ሰነድ ይቀንሰዋል። ቁጥሩ ከሌለ ግን ሻጩ የጀርመንን 19 በመቶ ጨምሮ 2380 ይጠይቃል፤ ይህንንም 380 ዩሮ በኔዘርላንድ ማስታወቂያ ላይ መቀነስ አይቻልም፤ የሌላ መንግሥት ግብር ነውና።

ስሕተቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከገዢው ነው። በኔዘርላንድ በግሉ የሚነግድ ሰው ከ2020 ዓመተ ምሕረት (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሁለት ቁጥሮች ስላሉት፣ ከግብር ቤቱ ጋር የሚጻጻፍበትን ለሻጩ ሰጥቶ፣ ለፋክቱር የተወሰነውን፣ በNL ጀምሮ ዘጠኝ አኃዝ፣ B፣ ከዚያም ሁለት አኃዝ ያለውን ይዘነጋዋል። ሻጩ የተሰጠውን ቁጥር VIES በተባለው የአውሮፓ ኅብረት መመርመሪያ ላይ ሲያስገባው «ዋጋ የለውም» የሚል መልስ ያገኛል፣ ግብሩንም ይጨምራል። በዚህ ጊዜ ትክክለኛውን ቁጥር ልኮ፣ የመጀመሪያውን ፋክቱር ተራ ቁጥር የሚጠቅስ የእርማት ፋክቱር መጠየቅና፣ 380ውን ከጀርመን መንግሥት ሳይሆን ከራሱ ከሻጩ መቀበል ነው።