«a≥b≥c እንበል» የሚባለው መቼ ነው?

ተማሪዎችን ለሒሳብ ኦሊምፒያድ የሚያዘጋጁ አንድ መምህር ሰሞኑን ያናደዳቸው አንዲት መስመር ናት። አንድ ማሠልጠኛ ያሳተመው የመልመጃ ጥራዝ ሦስት ፊደል ያለበት ኢንኢኳሊቲ ባየ ቁጥር መፍትሔውን «a≥b≥c እንበል» ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ለማለት ማን እንደፈቀደለት አንድም ቦታ አይናገርም። ከጥራዙ የተማሩ ልጆችም መስመሯን እንደ ፊርማ በየወረቀታቸው ያሰፍሯታል።

1. መስመሯ የምትሠራበት ቦታ። በ1964 ሞስኮ ላይ በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብ ኦሊምፒያድ ሁለተኛው ጥያቄ a፣ b እና c የሦስት ማዕዘን ጎኖች ሲሆኑ የሚከተለው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል፦

a²(b+c−a) + b²(c+a−b) + c²(a+b−c) ≤ 3abc

ሁሉንም ወደ ቀኝ ሲያሻግሩት በኢሳይ ሹር ስም የሚጠራው ኢንኢኳሊቲ ይወጣል፦

a(a−b)(a−c) + b(b−a)(b−c) + c(c−a)(c−b) ≥ 0

እዚህ የትኞቹም ሁለት ፊደላት ቦታ ቢለዋወጡ ድምሩ ያው ነው። ሲሜትሪክ የሚባለውም ለዚህ ነው። ሦስት ቁጥሮች በስድስት ዓይነት ቅደም ተከተል ሊሰለፉ ይችላሉ፤ ስድስቱም ግን አንድ ጥያቄ ስለሆኑ a≥b≥c የሚለውን ብቻ ማየት ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ሥራው አጭር ነው። በመጨረሻው አባል c−a እና c−b ሁለቱም ከዜሮ ስለማይበልጡ ብዜታቸው ከዜሮ አያንስም። የቀሩት ሁለቱ ሲጣመሩ (a−b)[a(a−c) − b(b−c)] ይሆናሉ። a ከb አያንስም፣ a−c ደግሞ ከb−c አያንስም፤ ስለዚህ ቅንፉም ከዜሮ አያንስም። ተረጋገጠ። የሦስት ማዕዘኑ ነገር እንኳ አላስፈለገም፤ ቁጥሮቹ ኔጌቲቭ አለመሆናቸው በቂ ነው።

2. መስመሯ የምታሳስትበት ቦታ። መምህሩ ተማሪዎቻቸውን የሚፈትኑት በዚህ ነው፦ ለማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥሮች

a²b + b²c + c²a ≥ ab² + bc² + ca²

መሆኑን አረጋግጡ ይላሉ። ልጆቹ «a≥b≥c እንበል» ብለው ይነሣሉ። የሁለቱ ወገን ልዩነት (a−b)(b−c)(a−c) መሆኑን ያገኛሉ፤ ሦስቱም ከዜሮ አያንሱም፤ አለቀ ይላሉ። አልጀብራው ላይ እንከን የለም። 3፣ 2፣ 1 በተራ ሲተኩ ግራው 25፣ ቀኙ 23 ይሆናል። ችግሩ 1፣ 2፣ 3 ሲተኩ ነው፤ ግራው 23፣ ቀኙ 25 ይመጣል። «የተረጋገጠው» ነገር ሐሰት ነበር!

ይህ አገላለጽ ሳይክሊክ እንጂ ሲሜትሪክ አይደለም። aን በb፣ bን በc፣ cን በa ቢተኩት አይለወጥም፤ ሁለት ፊደል ብቻ ቢያቀያይሩ ግን ይገለበጣል። ስለዚህ ስድስቱ ሰልፎች ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሦስቱ ከa≥b≥c ጋር፣ ሦስቱ ከa≥c≥b ጋር ይሄዳሉ። የሚፈቀደው «a ከሁሉ ይበልጣል እንበል» ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ bና cን ማስተያየት ካስፈለገ ሁለቱም ሁኔታ ለየብቻ መታየት አለበት።

መምህሩን ይበልጥ ያበሳጫቸው ጥራዙ በ1983 ፓሪስ ላይ የወጣውን ስድስተኛ ጥያቄ ሲሠራ ያደረገው ነው። ለሦስት ማዕዘን ጎኖች

a²b(a−b) + b²c(b−c) + c²a(c−a) ≥ 0

መሆኑን ማሳየት ነው፤ ሳይክሊክ መሆኑ በዓይን ይታያል። ጥራዙ በለመደው መስመር ጀምሮ ግማሹን ብቻ ሠርቶ ይዘጋዋል። የምዕራብ ጀርመኑ ተወዳዳሪ በርንሃርድ ሊብ በዚሁ ጥያቄ ልዩ ሽልማት ያገኘው ድምሩን እንዲህ ጽፎ ነው፦

a(b−c)²(b+c−a) + b(a−b)(a−c)(a+b−c)

a ትልቁ ከሆነ (a−b)(a−c) ከዜሮ አያንስም፤ b+c−a እና a+b−c ደግሞ በሦስት ማዕዘን ሕግ ፖዘቲቭ ናቸው። ከbና ከc የትኛው እንደሚበልጥ መጠየቅ አላስፈለገም። ሳይክሊክ ጥያቄ የሚፈቅደውን ያህል ብቻ ወስዶ ጨረሰ።

ደግሞ ሁኔታውም መታየት አለበት። የሚረጋገጠው አገላለጽ ሲሜትሪክ ሆኖ a+2b+c=4 የሚል ቅድመ ሁኔታ ከተሰጠ b ከሌሎቹ ተለይቷል፤ ሰልፉን እንደፈለጉ መምረጥ አይቻልም። ይህን የሚያስታውስ አራሚ መምህሩ ብዙም አላጋጠማቸውም። የመልስ ቁልፉ ላይ መስመሯ ካለች ነጥብ ይሰጣል፤ ሁለቱንም ሁኔታ ለይቶ የሠራው ልጅ ደግሞ «አስረዘምክ» ይባላል። ለማሠልጠኛው ስልክ ሲደውሉ ጥራዙ አንዴ ታትሟል፣ ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን አሏቸው። እሳቸውም በጥራዙ ኅዳግ ላይ በቀይ እስክሪብቶ እያንዳንዱን «እንበል» እያሰመሩ፣ ከጎኑ 1፣ 2፣ 3 እና ውጤቱን መጻፍ ይዘዋል።