ሦስት ሰው ላለው ቡድን ኩበርኔቲስ ያስፈልጋል?

ኮንቴይነር አንድ ፕሮግራም ለመሥራት የሚያስፈልገውን ሁሉ አብሮ የያዘ ጥቅል ነው። ኩበርኔቲስ ደግሞ እነዚህን ጥቅሎች በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚደለድል፣ የወደቀውን የሚያነሣ ሥርዓት ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ያደረገው በራሱ የመረጃ ማዕከላት ካካበተው ልምድ ተነሥቶ ነው። ስለዚህ ከመነሻው የተሠራው እልፍ ማሽን ላለው ሰው ችግር ነው።

ሦስት ባለሙያዎች ለክሊኒኮች የቀጠሮ መመዝገቢያ ሠሩ እንበል። ያላቸው ድረ ገጹ፣ ለታካሚዎች አጭር መልእክት የሚልክ ፕሮግራምና ዳታቤዝ ነው። ሁሉም 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው አንድ ሰርቨር ላይ በዶከር ኮምፖዝ ይሠራሉ። ለእያንዳንዱ ኮንቴይነር ይህች መስመር ተጽፋለች፦

```
restart: unless-stopped
```

ፕሮግራሙ ተሰናክሎ ከቆመ ዶከር ራሱ መልሶ ያስነሣዋል። ሳይቆም ፈዝዞ መልስ መስጠት ካቃተው ግን ዶከር ዝም ይላል፤ ኩበርኔቲስ ግን እንዲህ እንዲያደርግ ከተዋቀረ በየጊዜው እየጠየቀ፣ መልስ ሲያጣ እንደገና ያስነሣው ነበር። ይህ እውነተኛ ልዩነት ነው፤ ሆኖም ድረ ገጹን ከውጭ እየጎበኘ ስልክ ላይ የሚያስጠነቅቅ ቀላል አገልግሎት ክፍተቱን በአብዛኛው ይሸፍነዋል። አዲስ ሥሪት ሲጫን ለጥቂት ሴኮንድ አገልግሎቱ ይቋረጣል፤ ክሊኒኮቹ ማታ ስለሚዘጉ ያን ጊዜ ቢጫን የሚጎዳ የለም።

ከባዱ ጥያቄ ሰርቨሩ ራሱ ሲሞት ነው። አዲስ ሰርቨር መከራየትና ዳታቤዙን ከመጠባበቂያ ቅጂ መመለስ ያስፈልጋል። ቡድኑ ይህን አስቀድሞ ሞክሮ የሚፈጀውን ጊዜ መለካት አለበት፤ ያልተሞከረ ቅጂ እንዳለ አይቆጠርም። ደንበኞቹ ያን ያህል ጊዜ በወረቀት መዝግበው መቆየት ከቻሉ ነገሩ አለቀ። ደግሞም ኩበርኔቲስ በአንድ ማሽን ላይ ቢጫን ማሽኑ ሲሞት አብሮ ይሞታል፤ ዳታቤዙንም ያለ ተጨማሪ ሥራ አያባዛም።

ወጪው ከኪራዩ ይልቅ በጥገናው ይብሳል። የአማዞን ክላውድ ኩበርኔቲስን ለማስተዳደር በሰዓት 10 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በወር 73 ዶላር ገደማ ያስከፍላል፤ የሰርቨሮቹ ኪራይ ለብቻው ነው። አዳዲስ ሥሪቶች በዓመት ሦስት ጊዜ ይወጣሉ፤ የእያንዳንዱ መደበኛ ድጋፍ የሚቆየው ወደ 14 ወር ነው። ሳያሻሽል የቆየ ደንበኛ በአማዞን በሰዓት 60 ሳንቲም ይከፍላል። ከሦስቱ ሥርዓቱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ደግሞ እሱ ፈቃድ በወጣበት ሳምንት ብልሽት ቢደርስ ጠጋኝ አይገኝም።

ውሳኔው የሚለወጠው ደንበኛ መቋረጥን በውል ሲከለክል ወይም ሥራው ከአንድ ማሽን አቅም ሲያልፍ ነው። ያኔም ቢሆን እንደ ጉግል ክላውድ ራን ያለ፣ ኮንቴይነሩን ተቀብሎ እንደ ጎብኚው ብዛት የሚያባዛ አገልግሎት መቅደም አለበት። ኩበርኔቲስ ተራው የሚደርሰው ፕሮግራሞቹ ብዙ ሆነው፣ ከቡድኑም ቢያንስ ሁለት ሰው ሊጠግነው ሲችል ነው። የቀጠሮው ቡድን በዶከር ኮምፖዝ ይቆይ።