በፊርማውና በቀዶ ሕክምናው መካከል ያሉት 30 ቀናት

እ.ኤ.አ. በ1973 በአሜሪካ አላባማ ግዛት፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ ሬልፍ የሚባል የጥቁር ቤተሰብ ሁለት ሴት ልጆች ሆስፒታል ተወስደው ዳግመኛ መውለድ እንዳይችሉ ተደረጉ። አንደኛዋ 14፣ ሌላዋ 12 ዓመቷ ነበር። እናታቸው ማንበብና መጻፍ ስለማትችል በቀረበላት ወረቀት ላይ ምልክት አድርጋ ፈረመች። ልጆቿ ከዚያ በፊት ይወጉት የነበረው የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚቀጥል ነበር የመሰላት።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሬልፍ ቤት ብቻ እንዳልሆነ ታወቀ። ዳኛ ጌርሃርድ ገሰል በ1974 በሰጡት ውሳኔ፣ በፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚካሄዱ ፕሮግራሞች በየዓመቱ ከ100,000 እስከ 150,000 የሚደርሱ ድሆች ይመክኑ እንደነበርና ከእነሱም አንዳንዶቹ «እሺ ካላልሽ ድጎማሽ ይቋረጣል» ተብለው እንደፈረሙ ተጽፏል። በሎስ አንጀለስ ደግሞ ስፓኒሽ ብቻ የሚናገሩ የሜክሲኮ ተወላጅ እናቶች፣ ምጥ ላይ ሳሉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቅጽ ቀርቦላቸው መፈረማቸውን ገልጸው ከሰሱ። አንዳንዶቹ የማህፀን ቱቦአቸው መቋጠሩን ያወቁት ከወራት በኋላ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ የድሆችን ሕክምና በሚሸፍነው በሜዲኬይድ የምትታከም ሴት ቱቦዋን ማስቋጠር ስትፈልግ የሚገጥማት ሕግ የተወለደው ከዚህ ታሪክ ነው። በ1978 የወጣው ደንብ እንዲህ ይላል፤ ፈራሚዋ 21 ዓመት የሞላት ትሁን፤ ከፊርማው በኋላ ቢያንስ 30 ቀን ይለፍ፤ ፊርማው ከ180 ቀን በላይ አያገለግልም፤ በምጥ ላይ ሆና መፈረም አትችልም። የባል ፊርማ አይጠየቅም። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢን በቀጥታ የሚመለከተው ግን በቅጹ ላይ ያለው የአስተርጓሚ ክፍል ነው። ታካሚዋ ቅጹ የተጻፈበትን ቋንቋ የማትረዳ ከሆነ፣ ቅጹንና ምክሩን በምትረዳው ቋንቋ ያብራራላት ሰው በስሙ ይፈርማል። ይህን ሥራ ለባል ወይም ለአማት መስጠት በብዙ ቤት የተለመደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። «እኔ ሳልፈልግ ነው» ለማለት የምትፈልግ ሴት ይህን የምትናገረው በማን አፍ ነው? ሆስፒታሉ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ፣ ካልሆነም በስልክ እንዲያገናኝ መጠየቅ መብቷ ነው።

ደንቡ በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል በምሳሌ እንየው። ሦስተኛ ልጇን ያረገዘች የ27 ዓመት ሴት፣ በ39ኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና እንድትወልድ ቀጠሮ ተይዞላታል እንበል። ሆዷ አንዴ ከተከፈተ ቱቦውን መቋጠር የሚጨምረው ጥቂት ደቂቃ ስለሆነ በዚያው እንዲሠራላት ትፈልጋለች። ቅጹን በ28ኛው ሳምንት ከፈረመች 77 ቀን አላት፤ ችግር የለም። ጉዳዩ የተነሳው በ36ኛው ሳምንት ከሆነ ግን እስከ ቀጠሮው 21 ቀን ብቻ ነው የሚቀረው፤ ሐኪሙ ቢፈልግ እንኳ አይሠራላትም። በጊዜ ፈርማ ምጡ ያለ ቀኑ ቢመጣባትስ? ፊርማው መጀመሪያ ከተገመተው የመውለጃ ቀን 30 ቀን የቀደመ ከሆነ፣ ከተፈረመም 72 ሰዓት ካለፈ፣ ያለ ጊዜው ለሚመጣ ወሊድ የተተወው ልዩ ሁኔታ ይሸፍናታል።

ይህ ጥበቃ ዋጋ ያስከፍላል። የግል ኢንሹራንስ ያላት ጎረቤቷ ይህ የ30 ቀን ግዴታ የለባትም። ወረቀቱ ስለጠፋ ወይም ቀኑ ስላልደረሰ ሳይሠራላቸው የሚወጡ እናቶች ብዙ ናቸው፤ በአንድ የአሜሪካ ጥናት ከወሊድ በኋላ ቱቦ ማስቋጠር ጠይቀው ካልተሠራላቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ በአንድ ዓመት ውስጥ እንደገና አርግዘዋል። ስለዚህ ደንቡ ይነሳ የሚሉ ሐኪሞች አሉ። እኔ የምስማማው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። ጉዳቱ እውነት ነው፤ ግን ጉዳቱን የሚያመጣው ከ30 ቀኑ ይልቅ ውይይቱ ዘግይቶ መጀመሩ ነው። በእርግዝና ክትትል ገና በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወር የተነሳ ጉዳይ ለ30 ቀን ቦታ አያጣም።

ጊዜው ለምን ይህን ያህል አሳሳቢ ሆነ? መልሱ የጸጸት ጥናቶች ውስጥ አለ። በአሜሪካ ከ10,000 በላይ ቱቦአቸውን ያስቋጠሩ ሴቶችን ለዓመታት የተከታተለው ክሬስት የተባለ ጥናት፣ በ14 ዓመት ውስጥ «ባላደረግሁት» ያሉትን ቆጥሯል። በ30 ዓመታቸው ወይም ከዚያ በፊት ካስቋጠሩት መካከል 20 በመቶ ያህሉ ተጸጽተዋል፤ ከ30 ካለፉት ግን 6 በመቶ ያህሉ ብቻ። ሁለተኛው ግኝት የበለጠ ያስገርማል። የመጨረሻው ልጅ ከተወለደ በኋላ የሚያልፈው ጊዜ በረዘመ ቁጥር ጸጸቱ ይቀንሳል፤ ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይተው ካስቋጠሩት የተጸጸቱት 8 በመቶ ገደማ ናቸው። በዚህ አከፋፈል ዝቅተኛው ጸጸት፣ ከ7 በመቶ በታች፣ የታየው ጨርሶ ሳይወልዱ ባስቋጠሩት ላይ ነው። «ልጅ የሌላት ሴት ኋላ ትጸጸታለች» ብሎ በር የሚዘጋ ሐኪም ይህን ቁጥር ቢያየው ይጠቅመዋል።

ምክንያቱን መገመት አያዳግትም። ወሊድ የድካም፣ የሕመም፣ አንዳንዴም የፍርሃት ወቅት ነው፤ በዚያ ሰሞን «በቃኝ» የምትል እናት የምትናገረው እውነቷን ነው፤ ያ እውነት ግን የዚያ ሰሞን ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ ትዳር ይፈርሳል፣ አዲስ ባል ይመጣል፣ ልጅ ይሞታል። ከዚህም ሌላ፣ ቀድሞውኑ ከባሏ ጋር በጉዳዩ የማይስማሙ ሴቶች የመጸጸት ዕድላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ጥሩ አማካሪ ታዲያ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ አያቆምም፤ ለዚህ ጥያቄ ሁሉም አዎ ነው የሚለው። «ይህ ትዳር ቢፈርስ ልብሽ ምን ይላል? ከልጆችሽ አንዱን እግዜር ቢወስደውስ? መጀመሪያ ያሰበው ማነው፣ አንቺ ነሽ ወይስ ሌላ ሰው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄዎቹ ከባድ ናቸው፤ ከጸጸቱ ግን ይቀላሉ። መልሱን ሰምቶ መወሰን ደግሞ የሷ እንጂ የአማካሪው ፋንታ አይደለም።

በዚሁ ውይይት ውስጥ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር፣ የተቋጠረ ቱቦ እንደ ገመድ የሚፈታ አለመሆኑ ነው። ከወሊድ በኋላ በተለመደው መንገድ ሲሠራ ከእያንዳንዱ ቱቦ መካከል ጥቂት ሴንቲሜትር ተቆርጦ ይወጣል፤ ጫፎቹም ጠባሳ ሠርተው ይዘጋሉ። ዛሬ በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ደግሞ ቱቦው እንዳለ ይወጣል፤ አንዱ አደገኛ የእንቁላል ዕጢ ካንሰር ከቱቦው ጫፍ እንደሚነሳ ስለተደረሰበት ነው። ቱቦው ሙሉ ለሙሉ ከወጣ የሚቀጠል ነገር የለም፤ የሚቀረው መንገድ በላቦራቶሪ የሚደረግ ጽንስ ብቻ ነው።

ከፊሉ ቀርቶ ከሆነ መቀጠል ይሞከራል። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚያየው የሴቷን ዕድሜ፣ የቀረውን ቱቦ ርዝመትና በምን ዓይነት መንገድ እንደተዘጋ ነው። በክሊፕ ወይም በቀለበት የተዘጋ ትንሽ ስለሚጎዳ የተሻለ ተስፋ አለው፤ በኤሌክትሪክ የተቃጠለው ግን ብዙ ሥጋ አጥቷል። የባል የዘር ፍሬም አስቀድሞ መመርመር አለበት፤ ቱቦ ተቀጥሎ ችግሩ ሌላ ቦታ ሆኖ ቢገኝ ድካሙ ከንቱ ነው። ሁሉም ቢሳካ እንኳ ከሚያረግዙት ጥቂቶቹ ጽንሱ በቱቦው ውስጥ ይቀርባቸዋል፤ ይህ ደም አፍሳሽና ገዳይ ሊሆን ይችላል። ወጪውንም ብዙ ጊዜ ኢንሹራንስ አይሸፍንም። ክሬስት ከተከታተላቸው ሴቶች መካከል በ14 ዓመት ውስጥ 14 በመቶ ያህሉ «መልሶ ማስከፈት ይቻላል ወይ?» ብለው ሲጠይቁ፣ በትክክል ያስከፈቱት 1 በመቶ ገደማ ናቸው።

ከመቋጠር በኋላም ቢሆን እርግዝና ጨርሶ አይመጣም ማለት ስህተት ነው። በዚያው ጥናት በ10 ዓመት ውስጥ ከ1,000 ሴቶች 18 ወይም 19 ያህሉ አርግዘዋል፤ ከእነዚያ እርግዝናዎች ሲሶ ያህሉ ከማህፀን ውጭ ነበሩ። ስለዚህ ቱቦዋን ያስቋጠረች ሴት የወር አበባዋ ቀርቶ በአንድ ጎን ሆዷን ካመማት «እኔማ ተቋጥሬአለሁ» ብላ ቤት መቀመጥ የለባትም፤ በዚያኑ ቀን ሐኪም ዘንድ ትሂድ።

የወንዱ ነገር በብዙ ቤት አይነሳም፤ ቢነሳም ከመኮላሸት ጋር ተምታቶ ይዘጋል። ቬዜክቶሚ ግን ቆለጡን አይነካም። በአካባቢ ማደንዘዣ በሚሠራ በትንሽ ቀዳዳ የዘር ፍሬ የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ብቻ ይቋረጣል። ሆርሞኑ ደም ውስጥ ስለሚገባ በቱቦው አያልፍም፤ ፍላጎትም ብልትም እንደነበሩ ይቆያሉ። የሚፈሰው ፈሳሽ መጠን እንኳ ለዓይን አይለወጥም፤ ከፈሳሹ የዘር ፍሬው ድርሻ በጣም ትንሽ ነውና። በጥቂት ወንዶች ላይ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመም ሊተው እንደሚችል ግን መደበቅ አይገባም።

ሰው የሚሳሳተው በሌላ ቦታ ነው። ከተቆረጠው በላይ የቀረው የዘር ፍሬ ለሳምንታት ስለሚቆይ፣ በቀዶው ማግስት «ጨረስን» ያሉ ባልና ሚስት ሳያስቡት እርግዝና ሊገጥማቸው ይችላል። ለ3 ወር ያህል በሌላ መከላከያ መቆየትና ከዚያ ፈሳሹን አስመርምሮ የዘር ፍሬ አለመኖሩን ማየት ግድ ነው።

ወንዱም ቢጸጸት መቀጠል ይቻላል፤ ግን ጊዜ ይበላዋል። በአሜሪካ ከ1,400 በላይ ወንዶችን ይዞ በ1991 የታተመ ጥናት፣ ከተቆረጠ 3 ዓመት ሳይሞላው በተቀጠለላቸው ዘንድ የሚስት እርግዝና 76 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። 15 ዓመትና ከዚያ በላይ በቆዩት ዘንድ ወደ 30 በመቶ ወርዷል፤ የዘር ፍሬው እንደገና መፍሰስ ቢጀምርም እርግዝናው ብዙ ጊዜ አይከተልም።

በኢትዮጵያ በጋብቻ ውስጥ ካሉ ሴቶች ቱቦአቸውን ያስቋጠሩት ከ1 በመቶ በታች ናቸው። ብዙ ሰው መርፌ ይመርጣል፤ በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጭምር በየቀበሌው ያስገባሉ። ይህ አማራጭ ለ27 ዓመቷ እናትም አለ። በክንድ የሚቀበረው ለዓመታት፣ የመዳብ ሉፕም ከ10 ዓመት በላይ እርግዝናን ከሞላ ጎደል እንደ መቋጠር ይከላከላሉ፤ ባስወጣችው ጊዜም የመውለድ ዕድሏ ይመለሳል። ከወሊድ ክፍል ሳትወጣ ሊገቡላት ስለሚችሉ በ28ኛው ሳምንት ያልፈረመች እናትም ባዶ እጇን አትመለስም። አማካሪዋ ይህን ያልነገራት እንደሆነ፣ የፈረመችው ሁሉንም አማራጭ አይታ አይደለም።