ስለ ቀይ ቦሎቄ አቀቃቀል

ቀይ ቦሎቄ ጥሬውን ሲበላ ሰውን ያሳምማል። አራት ወይም አምስት ፍሬ ብቻ ለዚህ እንደሚበቃ ታውቋል። ምክንያቱም በእህሉ ውስጥ ሌክቲን የሚባል ነገር ስላለ ነው። ይህ ሌክቲን ተክሉን ከተባይ የሚጠብቅ ሲሆን፥ ወደ ሰው ሆድ በገባ ጊዜ ግን በአንጀት ገጽ ላይ ተጣብቆ ያቆስለዋል። ነጭ ቦሎቄም ይኸው ነገር አለበት፤ ነገር ግን መጠኑ ከቀዩ ያነሰ ነው። በባቄላ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሁለቱም እጅግ ያንሳል።

ሕመሙ የሚጀምረው ከተበላ በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያ ያቅለሸልሻል፤ ቀጥሎም ብርቱ ትውከት ይመጣል፤ ኋላም ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይከተላል። ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይተዋል። ለሌክቲኑ የተለየ ማርከሻ ስለሌለው የታመመው ሰው የወጣውን ውኃ እንዲተካ ደጋግሞ ይጠጣ፤ ሕፃንና ሽማግሌ ከሆነ ወይም ትውከቱ አልቆም ካለ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ከአንድ ማዕድ የበሉ ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲያስመልሱ የሚያይ ሹም፥ በዚያ ቀን ቦሎቄ ተበልቶ እንደ ሆነና እንዴት እንደ ተሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እሳት ያየ ሁሉ በስሏል ማለት እንዳልሆነ በጃፓን አገር የሆነው ነገር ያስረዳል። በ1998 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር መጨረሻ፥ ነጭ ቦሎቄን ሦስት ደቂቃ ያህል በደረቁ ቆልቶ፥ ፈጭቶና በሩዝ ላይ ነስንሶ መብላት ውፍረት ይቀንሳል ተብሎ በቴሌቪዥን ተነገረ። ይህን ሰምተው እንደ ተባለው ያደረጉ ብዙ መቶ ሰዎች በትውከትና በተቅማጥ ታመሙ፤ ሆስፒታል የገቡም ነበሩ። የጥፋቱ ምክንያት ግልጽ ነው። ደረቅ ፍሬ በምጣድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ሲቆላ ገላው ይሞቃል እንጂ ሙቀቱ እስከ ውስጡ አይዘልቅም፤ ሌክቲኑም ሳይሞት ይቀራል። ስለዚህ ቦሎቄን እንደ ሽምብራ ለዘብ አድርጎ ቆልቶ እንደ ቆሎ መብላት፥ ወይም ፈጭቶ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚበስል ወጥ ማድረግ አይገባም።

ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው። እህሉ ተለቅሞና ታጥቦ፥ ለአንድ ስፍር ቦሎቄ ሦስት ስፍር ውኃ ተደርጎ ቢያንስ አምስት ሰዓት፥ ይልቁንም ሌሊቱን ሁሉ ይዘፍዘፍ። መዘፍዘፉ ብቻውን መርዙን አያጠፋውም፤ ጥቅሙ ፍሬው ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ ሙቀት እስከ ልቡ እንዲገባ ማድረጉ ነው። የተዘፈዘፈበት ውኃ ከእህሉ የወጣ ሌክቲን ስላለበት ይደፋ። ከዚያም እህሉ ታጥቦ በአዲስ ውኃ ይጣድ። ውኃው እየተንተከተከ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሰዓት ይያዝ፤ በዚያው ኃይል ቢያንስ 10 ደቂቃ፥ ለጥንቃቄ ግን 30 ደቂቃ ይፍላ። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ቀንሶ እስኪለሰልስ ማብሰል ይቻላል።

ይህ የደቂቃ ልክ የተነገረው በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውኃ ነው። በደጋ አገር ግን ውኃ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል፤ በአዲስ አበባ 92 ዲግሪ ያህል፥ በደብረ ብርሃን 91 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ በደጋ 10 ደቂቃውን ትቶ ከ30 ደቂቃ በላይ በኃይል ማፍላትና ፍሬው ፈጽሞ እስኪለሰልስ እሳቱን አለማብረድ ይሻላል። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስል ድስት ያለው ሰው ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርግለት ይህ ችግር ይቀልለታል።

ከሁሉ የሚያሳስተው በለዘብተኛ እሳት ማብሰል ነው። ድስቱን በረመጥ ላይ አኑረው ሲያሳድሩት ውኃው ሳይፈላ እህሉ ቀስ ብሎ ይለሰልሳል፤ ሌክቲኑ ግን በውስጡ ይኖራል። እንዲያውም ቦሎቄ በ80 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሞቅ ጉዳቱ ከጥሬው ሊብስ እንደሚችል በምርመራ ታይቷል። ስለዚህ የፍሬው መለስለስ ብቻውን ምስክር አይሆንም፤ ምስክሩ የውኃው በኃይል መፍላትና የጊዜው ልክ ነው።

ለሠራተኛ፥ ለተማሪ ወይም ለእስረኛ ቀለብ የሚያዝዝ ሁሉ በዚህ ሥራ ላይ ሊጠብቀው የሚገባ ነገር ቢኖር የማገዶ ቁጠባ ነው። ወጥ ቤቱ እንጨት ሲያንሰው የሚያሳጥረው የመፍላቱን ጊዜ ነውና። ማገዶ የሚቆጠበው ግን እህሉን በማታ በመዘፍዘፍ ነው፤ የተዘፈዘፈ ቦሎቄ ካልተዘፈዘፈው ፈጥኖ ይበስላልና። እንጨቱ በኃይል ለማፍላት የማይበቃ የሆነ እንደ ሆነ፥ በዚያ ቀን ምስር ወይም ክክ ይሠራ፤ ቦሎቄው ማገዶ እስኪመጣ በጎተራ ይቆይ።