ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በአየር ስንት ነው?

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና የሚሄድ ሰው የአባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ ከ480 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በአየር ግን ርቀቱ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሁለቱን ከተሞች ኬክሮስና ኬንትሮስ ብቻ ይዞ ይህን የአየር ርቀት የሚያሰላው ቀመር ሃቨርሳይን ይባላል።

ቀመሩ ምድርን ራዲየሷ 6,371 ኪሎ ሜትር የሆነ ሉል አድርጎ ይወስዳትና በገጿ ላይ ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚያደርሰውን አጭሩን መስመር ይለካል፦

```
a = sin²(Δφ/2) + cos φ1 · cos φ2 · sin²(Δλ/2)
d = 2 · 6371 · asin(√a)
```

φ ኬክሮስ፣ λ ኬንትሮስ፣ Δ ደግሞ ልዩነት ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታ ሲሄዱ እየተቀራረቡ ስለሚመጡ፣ ሁለቱ cos የኬንትሮሱን ልዩነት በዚያው ልክ ያሳንሱታል።

አዲስ አበባን 9.03 ሰሜን፣ 38.74 ምሥራቅ፤ ባሕር ዳርን 11.59 ሰሜን፣ 37.39 ምሥራቅ ብለን እንያዝ። የኬክሮሱ ልዩነት 2.56፣ የኬንትሮሱ 1.35 ዲግሪ ነው። a 0.000633 ይሆናል፤ ርቀቱም 320.7 ኪሎ ሜትር ይወጣል።

ይህ ቁጥር ግን ትንሽ በዝቷል። ምድር ዋልታዎቿ ላይ ጠፍጠፍ ያለች ስለሆነች በእኛ አካባቢ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ቀመሩ ግን 111.2 አድርጎ ይቆጥረዋል። ስለዚህ በኢትዮጵያ ውስጥ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲለካ ግማሽ በመቶ ገደማ ያበዛል፤ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሲለካ ደግሞ ከሺህ አንድ ያህል ያሳንሳል። የምድርን ትክክለኛ ቅርጽ ይዞ የሚያሰላው፣ ታዴዎስ ቪንሰንቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያሳተመው ዓይነት ዘዴ ለእነዚሁ ነጥቦች 319.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ልዩነቱ የበረራ ርቀትን ለመገመት አያስቸግርም፤ ወሰን ለሚያካልል ቀያሽ ግን አይሆንም።

ከዚህ የሚከፋው ስህተት የሚመጣው ከምናስገባው ቁጥር ነው። አብዛኞቹ የኮምፒውተር ቋንቋዎች ማዕዘንን የሚቀበሉት በራዲያን ነው። ዲግሪውን በ π/180 ሳናባዛ ካስገባነው ባሕር ዳር ከ12 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ስህተቱም ወዲያው ይታያል። ኬክሮስና ኬንትሮስ ቦታ ሲለዋወጡ ግን ውጤቱ 270 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ይህ ሊታመን የሚችል ቁጥር ስለሆነ ማንም ሳይጠራጠር ሊያልፈው ይችላል። የሚያጋልጠው ካርታ ነው፤ የተለዋወጠው የአዲስ አበባ ነጥብ የሚያርፈው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ባሕር ላይ ነው። ስለዚህ ርቀቱን ከማመን በፊት ሁለቱን ነጥቦች ካርታ ላይ አስቀምጦ ማየት ያስፈልጋል።